ሊዝ የሸጥኩት ቢት ኮንቴንት አይዲ ላይ ገብቶ የራሴን ቪዲዮ ክሌም አደረገው፣ አሁን ደሞ ኤክስክሉሲቭ የሚፈልግ ሰው መጣ

ቱሉዲምቱ_ቢትስ

ሰላም ለዚ ቤት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቤቴ ውስጥ ማለት ነው፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ነው የምጠቀመው። አንድ ቢት አለኝ አንቺሆዬ ላይ የተሰራ፣ 84 ቢፒኤም፣ ክራሩን የሰፈሬ ልጅ ነው የመታው። ዩቲዩብ ላይ ታጉን (ስሜን የሚጠራውን ድምፅ) አድርጌ ለቅቄዋለሁ፣ ቢት የሚሸጥበት ድረገጽ ቢትስታርስ ላይም አለ። እስካሁን ሁለት ሰው ገዝቶታል። የመጀመሪያው ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ዘፋኝ ነው፣ በቢትስታርስ በኩል በ30 ዶላር የኤምፒስሪ ሊዝ ገዛ፣ 2 አመት፣ እስከ 50,000 ስትሪም የሚል። ሁለተኛው ሀዋሳ ያለ ልጅ ነው በቴሌግራም አውርተን 3,000 ብር በቴሌብር ላከልኝ ዋቩን ላኩለት፣ ውል አልጻፍንም ግን ሊዝ መሆኑን ቻቱ ላይ ነግሬዋለሁ።

አሁን ምን ሆነ፣ ዋሽንግተን ያለው ዘፈኑን ስፖቲፋይ ምናምን ላይ በሚያስገባ ድርጅት፣ በዲስትሪቢዩተር ለቀቀ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ሳለ የራሴ የቢት ቪዲዮ ላይ የኮፒራይት ክሌም መጣ፣ የሀዋሳው ልጅም ክሊፑ ላይ መጣበትና "የተሰረቀ ቢት ነው እንዴ የሸጥክልኝ" ብሎ ቆጣ ብሎ ጻፈልኝ። በዛው ሰሞን ደሞ ናይሮቢ ያለ አርቲስት 400 ዶላር ልስጥህና ኤክስክሉሲቭ አድርግልኝ አለኝ። የቱን ቀድሜ ልያዝ፣ ለናይሮቢው መሸጥስ እችላለሁ ወይ። የምታውቁ ንገሩኝ ባካችሁ።

ናቲ_ፍሎው

ብሮ ቀላል ነው፣ አእምሯዊ ንብረት ቢሮ ሂድና ቢቱን አስመዝግብ ከዛ የምስክር ወረቀቱን ለዩቲዩብ ላክላቸው ያልቃል። ሳታስመዘግብ ቢት መሸጥ ማለት ሰነድ የሌለው መሬት መሸጥ ነው፣ ባለቤትነቱ የለህም ማለት ነው። ልጁ ቀድሞ ካስመዘገበ ደሞ እሱ ባለቤት ሆኗል።

ሕግ_ተማሪ_ሱሉልታ

ናቲ ይሄ ልክ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ የኮፒራይት ጥበቃ የሚጀምረው ስራው ወጥ ሆኖ ሲሰራና ሲቀረጽ ነው፣ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ማስመዝገብ ጥሩ ነው፣ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆንሃል፣ ግን ስላላስመዘገብክ መብትህ አይጠፋም። ኮንቴንት አይዲ ውስጥ መግባት ደሞ የመንግስት ምዝገባ አይደለም፣ የዩቲዩብ ድምፅ ማነጻጸሪያ ነው፣ ማን ባለቤት እንደሆነ አይወስንም። ቀድሞ የገባ ባለቤት ይሆናል የሚል ነገር የለም።

ቤዛ_ቪዲዮ_ለገጣፎ

የኔም ልክ እንደዚ ነው!! የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሰራው ለገጣፎ፣ ሮያሊቲ ፍሪ ሚዩዚክ ከድረገጽ ገዝቼ በክፍያ ነው ያወረድኩት፣ የሙሽሮቹን ሃይላይት ዩቲዩብ ላይ ስጭነው ክሌም ተደረገ። ሮያሊቲ ፍሪ ማለት ነፃ አይደለም እንዴ፣ ኮፒራይት ያለው ነገር ለምን ሮያሊቲ ፍሪ ብለው ይሸጣሉ? ደንበኞቼ እኔን ነው የሚወቅሱት። ቱሉዲምቱ አንተ ቢትህን ሮያሊቲ ፍሪ አድርገህ ብትሸጥ ይሄ ሁሉ አይመጣብህም ነበር መሰለኝ።

ሰበታ_ሚክስሩም

ቱሉዲምቱ፣ በዚ ስራ ብዙ ቆይቻለሁ፣ እንዲህ አይነቱ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፣ ስለዚ ረጋ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ የሆነውን እንረዳ። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ዘፈኑን ሲለቅ ዲስትሪቢዩተሩ "ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ ላይ ይግባ?" ብሎ ጠይቆታል፣ እሱም አዎ ብሏል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ዘፈኔን የሚጠብቅልኝ ነገር ነው ብለው ነው የሚጫኑት። ሲስተሙ የዘፈኑን ድምፅ አሻራ ይወስዳል፣ አሻራው ውስጥ ያንተ ቢት አለ፣ ድምፁ የሌለበት መግቢያና መሃል ላይ ያለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። ስለዚ ያ ቢት ያለበትን ቪዲዮ ሁሉ እየፈለገ ይይዛል፣ ያንተንም የሀዋሳውንም። ማሽን ነው፣ ማን ለማን እንደሸጠ አያውቅም።

ዩቲዩብ በራሱ ደንብ ኮንቴንት አይዲ ላይ የሚገባው ነገር ላይ ያለህ መብት ብቸኛ መሆን አለበት ይላል። ሊዝ የገዛ ሰው ብቸኛ መብት የለውም፣ አንተ ለሌላም መሸጥ ትችላለህና። ስለዚ ልጁ ማስገባት አይችልም ነበር፣ የዲስትሪቢዩተሮቹ ደንብም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ሳጥኑን ስትጫን ለሌላ ያልተሸጠ ቢት መሆኑን እያረጋገጥክ ነው።

አሁን መጀመሪያ ክሌሙ የሱ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ግባና ቪዲዮው አጠገብ ኮፒራይት የሚለውን ክፈተው፣ የተያዘው ክፍል ከስንት ደቂቃ እስከ ስንት እንደሆነ፣ የየትኛው ዘፈን እንደሆነ፣ በየትኛው ድርጅት ስም እንደመጣ ያሳይሃል። የዘፈኑ ርዕስ የልጁ ከሆነ አለቀ። ክሌም ደሞ ስትራይክ አይደለም፣ ቻናልህ አይዘጋም፣ የማስታወቂያው ገንዘብ ግን ወደሱ ይሄዳል።

ቱሉዲምቱ_ቢትስ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት፣ የሱ ዘፈን ርዕስ ነው ያለው፣ ከመግቢያው ጀምሮ ነው የያዘው፣ ስሙ ላይ ግን የዲስትሪቢዩተሩ ነው የሚታየው። አሁኑኑ ዲስፒዩት ልበል ወይስ ልጁን ላናግረው?

ሰበታ_ሚክስሩም

ሁለቱንም ግን በዚ ቅደም ተከተል። ዛሬውኑ ለልጁ ጻፍለት፣ በቁጣ ሳይሆን በግልጽ፦ በገዛኸው ሊዝ ውል መሰረት ኮንቴንት አይዲ ላይ ማስገባት አይቻልም፣ ዘፈኑ ስፖቲፋይ ምናምን ላይ ይቆይ ምንም ችግር የለብኝም፣ ከኮንቴንት አይዲ ብቻ አስወጣው፣ የተነሱትን ክሌሞችም ልቀቅ። ዘፈኑን ማውረድ እንደማትፈልግ መጀመሪያ ላይ ንገረው ምክንያቱም ሰው የሚደነግጠው እዛ ጋ ነው። ለዲስትሪቢዩተሩም ራስህ ጻፍ፣ የቢትስታርሱን ደረሰኝ፣ የሊዝ ውሉን ፒዲኤፍ፣ ቢቱን ዩቲዩብ ላይ የጫንክበትን ሊንክ አያይዝ። የጫንክበት ቀን ከዘፈኑ መውጫ ቀን ይቀድማል፣ ያንን ቀን የያዘው ዩቲዩብ ነው አንተ አይደለህም፣ ስለዚ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ልጁ ቶሎ ካልመለሰ ግን አትጠብቅ ዲስፒዩት አድርግ። ክሌሙ ከመጣ በ5 ቀን ውስጥ ዲስፒዩት ካደረግህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው የማስታወቂያ ገንዘብ ለማንም ሳይከፈል ይቆይሃል። ከ5 ቀን በኋላ ከሆነ የሚያዘው ዲስፒዩት ካደረግክበት ቀን ጀምሮ ያለው ነው። ክሌም ያደረገው ወገን 30 ቀን አለው፣ በ30 ቀን ውስጥ ምንም ካላለ ክሌሙ በራሱ ይነሳል። አይ ብሎ ካጸናው ይግባኝ ትላለህ፣ ይግባኙ ላይ የሚሰጠው 7 ቀን ነው። እዛ ደረጃ ላይ ግን አስብበት፣ ያኔ ቪዲዮው ይውረድልኝ ብሎ የማስወረጃ ጥያቄ ካስገባና ከተቀበሉት ስትራይክ የሚባለው ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ያንተ ጉዳይ ጠንካራ ነው አትፈራም፣ ውል የሌለው ሰው ግን እዛ ድረስ በእልህ መሄድ የለበትም።

ናቲ፣ የምስክር ወረቀት ለዩቲዩብ መላክ ያልከው፣ ዲስፒዩት ፎርሙ የጽሑፍ ማብራሪያ ነው የሚቀበለው፣ አንብቦ የሚወስነውም መጀመሪያ ላይ ክሌም ያደረገው ወገን እንጂ ዩቲዩብ አይደለም። ለዛ ነው ለዲስትሪቢዩተሩ በቀጥታ መጻፍ የሚበልጠው።

ቤዛ_ቪዲዮ_ለገጣፎ

የኔንስ ማንም አልመለሰልኝም

ሰበታ_ሚክስሩም

ቤዚዬ ይቅርታ። ሮያሊቲ ፍሪ ማለት አንዴ ከከፈልሽ በኋላ በተጠቀምሽ ቁጥር፣ ቪዲዮው በታየ ቁጥር ድጋሚ አትከፍይም ማለት ነው። ሙዚቃው ባለቤት አለው፣ ኮፒራይቱም አለ። አንዳንዶቹ ባለቤቶች ኮንቴንት አይዲ ላይ ያስገቡታል፣ ያልገዛ ሰው ሲጠቀም ለመያዝ። ስትገዢ ያወረድሽው የላይሰንስ ፋይል አለ፣ ውስጡ ቁጥር አለው። ዲስፒዩት ስታደርጊ ምክንያቱን ላይሰንስ አለኝ የሚለውን ምረጪና ቁጥሩን ጻፊበት፣ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይለቃል። ብዙዎቹ የሚሸጡ ድረገጾች ክሌም የሚያስለቅቁበት ገጽም አላቸው፣ የቪዲዮውን ሊንክ ታስገቢያለሽ። ከአሁን በኋላ ላይሰንሱን በሙሽሮቹ ስም ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ፣ ምክንያቱም ቪዲዮውን ሙሽሮቹ በራሳቸው ቻናል ሲጭኑት ክሌሙ እነሱ ላይ ነው የሚመጣው፣ ያኔ አንቺን ነው የሚጠይቁት።

ላይሰንስሽ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ይላል ወይስ ያልተገደበ? እሱን እይው። አንድ የሚል ከሆነ በየሰርጉ ያንኑ ሙዚቃ መደጋገም አይቻልም።

ቤዛ_ቪዲዮ_ለገጣፎ

አሁን አየሁት፣ አንድ ፕሮጀክት ነው የሚለው። ብዙ ሰርግ ላይ ተጠቅመነዋል እኮ... እሺ አመሰግናለሁ ጋሼ የሙሽሮቹን ዲስፒዩት አድርጌዋለሁ።

ክራር_ልጅ_ቡራዩ

እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ክራሩን የሰፈር ልጅ ነው የመታው ብለሃል፣ ለሱ ምን ከፈልከው? ክራር መቺ ነኝ፣ እንዲህ አይነት ነገር ላይ ሁሌ "ትንሽ ምታልኝ" ተብለን ነው የምንሄደው ከዛ ቢቱ በዶላር ሲሸጥ እንሰማለን። አንቺሆዬ ቅኝቱ የማንም አይደለም ግን የመታሁበት መንገድ የኔ ነው።

ሕግ_ተማሪ_ሱሉልታ

ወንድሜ ልክ ነህ። ቅኝት የጋራ ነው ማንም የኔ ነው ሊል አይችልም፣ ግን አዋጁ ላይ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው የተጫወተው ሲቀረጽና ሲባዛ የራሱ መብት አለው፣ ተዛማጅ መብት ይባላል። ስለዚ ቱሉዲምቱ ከክራሩ ልጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግሃል፣ በተለይ ኤክስክሉሲቭ ልትሸጥ ካሰብክ፣ ምክንያቱም ኤክስክሉሲቭ ውል ላይ ሁሌ "ቢቱ ላይ ከእኔ ሌላ መብት ያለው ሰው የለም" ብለህ ነው የምትፈርመው።

የሀዋሳው ሽያጭም ያሳስበኛል። አዋጁ የኢኮኖሚ መብት ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ ይሁን ይላል። የቴሌግራም ቻት በጽሑፍ ነው ወይ የሚለው ላይ እኔ በእርግጠኝነት አልናገርም፣ ክፍላችን ውስጥም ተከራክረንበታል። አሁኑኑ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙና ፎቶ ተላላኩ።

ናቲ_ፍሎው

ቴሌግራም ቻት ጽሑፍ ካልሆነ ምንድነው ጽሑፍ? ከፍሎታል፣ ተቀብሎታል፣ ቴሌብሩ ላይ ቀኑም ስሙም አለ።

ሕግ_ተማሪ_ሱሉልታ

ክፍያውን ያረጋግጣል ናቲ፣ ምን እንደገዛ ግን አያረጋግጥም። "ዋቩን ላክልኝ" "እሺ 3ሺ ላክ" ከሆነ ቻቱ፣ ነገ የሀዋሳው ልጅ ሙሉ በሙሉ ገዝቼዋለሁ ቢል በምን ታፈርሰዋለህ?

ቱሉዲምቱ_ቢትስ

ቻቱ ላይ "ሊዝ ነው ለሌላም እሸጣለሁ" ብዬዋለሁ እሱም "ችግር የለም" ብሏል፣ ግን ለስንት አመት፣ ለስንት ስትሪም የሚል የለም። ወረቀቱን ዛሬ እጽፋለሁ። ለክራሩ ልጅ 500 ብር ሰጥቼዋለሁ ያኔ፣ ወረቀት የለም። እሱንም አናግረዋለሁ፣ ከናይሮቢው ሽያጭ ድርሻ ላካፍለው አስባለሁ፣ ፍትሃዊ ነው።

ግን ዋናው ጥያቄ፣ ሁለት ሊዝ ተሸጦ ኤክስክሉሲቭ መሸጥ ይቻላል?

ሰበታ_ሚክስሩም

ይቻላል፣ ብዙ ፕሮዲውሰር የሚሸጠው እንደዚ ነው፣ ግን ገዢው አውቆ መግዛት አለበት። ኤክስክሉሲቭ ማለት ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ አልሸጥም ማለት ነው፣ ከዛሬ በፊት የሸጥኩትን አፈርሳለሁ ማለት አይደለም። የዋሽንግተኑ ልጅ የከፈለበት 2 አመት እስኪያልቅ ወይም 50,000 ስትሪሙ እስኪሞላ መብቱ ነው። የሀዋሳውም ወረቀት ላይ እንደምትጽፉት። እነዚህን ሁለቱን የናይሮቢው ውል ውስጥ በስም ትዘረዝራቸዋለህ፣ ለማን መቼ እንደተሸጠ፣ መቼ እንደሚያልቅ። ገዢ የሚጣላው ሲደበቅበት ነው እንጂ ሲነገረው አይደለም፣ ቢበዛ ዋጋ ይከራከርሃል።

ሁለተኛ ነገር፣ እሱ ኤክስክሉሲቭ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀው። በዚ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚሸጠው። አንደኛው ላይሰንስ ነው፣ ቢቱ ያንተ ሆኖ ይቀጥላል፣ እሱ ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ከድርሰቱ ገቢ ያንተ ድርሻ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ ዜማና ቢት 50 በ50 ይካፈላል። ሌላኛው ሙሉ በሙሉ ማስተላለፍ ነው፣ ባለቤትነቱ ራሱ ወደሱ ይሄዳል፣ ነገ ዘፈኑ ፊልም ውስጥ ቢገባ አንተ ምንም አትጠይቅም። 400 ዶላር ለመጀመሪያው ደህና ነው፣ ለሁለተኛው በጣም ትንሽ ነው በኔ አስተያየት። "ኦል ራይትስ" የሚል ቃል ያለበት ውል ከላከልህ እሱ ሁለተኛው ነው፣ አትፈርም ሳትጠይቅ።

ሶስተኛ ብዙ ሰው የማያስበው፣ የናይሮቢውም ቢሆን ኮንቴንት አይዲ ላይ ማስገባት የለበትም ሊዞቹ እስካሉ። ካስገባ እንደዛሬው ሁሉ የዋሽንግተኑንና የሀዋሳውን ይይዛል፣ አሁን ያለህበት ነገር ተመልሶ ይመጣል አቅጣጫውን ቀይሮ። ውሉ ላይ ጻፈው፣ ሊዞቹ ሲያልቁ ይፈቀድለታል በል። ከበሮው ላይ ወይ ሼከሩ ላይ ስፕላይስ ከሚባለው ድረገጽ ያመጣኸው ሉፕ፣ የተዘጋጀ ተደጋጋሚ ድምፅ ካለ ደሞ እሱንም ንገረው፣ ያንን ሉፕ ሌላ ሺ ሰው ይጠቀምበታል፣ ሉፑ ብቻውን የሚሰማበት ቦታ ካለ ከማታውቀው ዘፈን ጋር ይጋጫል።

ቱሉዲምቱ_ቢትስ

ሼከሩ ሉፕ ነው ከስፕላይስ፣ መግቢያው ላይ አራት ባር ብቻውን አለ። በራሴ ልቀይረው እችላለሁ፣ እቃ አለኝ። ሊዝ ለገዙት ያለው ይቆያል ለናይሮቢው ግን አዲሱን እሰጠዋለሁ።

ውሉ ላይ ስለ ኮንቴንት አይዲ የሚጻፈውን አንድ ሰው በአማርኛ ሊጽፍልኝ ይችላል? ለሀዋሳው ልጅ የሚሆን።

ሕግ_ተማሪ_ሱሉልታ

ይቺን ተጠቀም፣ እንደሁኔታህ አስተካክለው፦

"ሻጭ (ስም) የዚህን ቢት ባለቤትነት እንደያዘ ለገዢ (ስም) ለ2 ዓመት ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ ሰጥቷል። ገዢ በቢቱ ላይ አንድ ዘፈን ሰርቶ ማሳተምና መሸጥ ይችላል። ሻጭ ቢቱን ለሌሎች መሸጥ ይችላል፣ ለአንድ ገዢ ብቻ ቢሸጠውም የዚህ ገዢ ፈቃድ ጊዜው እስኪያልቅ ይቆያል። ገዢ ቢቱን ወይም ዘፈኑን በዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲም ሆነ በማንኛውም የድምፅ መለያ ስርዓት አያስመዘግብም፤ ካስመዘገበ ሻጭ በጽሑፍ ካሳወቀው በ3 ቀን ውስጥ ያስወጣል፣ ያነሳቸውን ክሌሞች ይለቃል። ገዢ ቢቱን ብቻውን አይሸጥም፣ ለሌላ አያስተላልፍም።"

የቢቱን ርዕስና ቢፒኤም፣ የተከፈለውን ብር፣ ቀኑን፣ ሁለት ምስክር ጨምሩ። የፋይሉን ስም ልክ እንደላክከው ጻፈው፣ ርዕስ ብቻ ከሆነ ነገ ሌላ ቢት ነው ሊባል ይችላል።

ጌላን_808

ገንዘቡስ እንዴት ነው የምትቀበለው? እኔ ስትራይፕ እዚህ አገር ስለማይሰራ አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ አካውንት ነው ቢትስታርስ ላይ ያስገባሁት፣ ሁሉም በሱ ስም ነው። ይሄ ችግር አለው?

ሰበታ_ሚክስሩም

ፕሮፋይሉ ላይ ያለው የሕጋዊ ስም የማን ነው? ድረገጹ ውሉን የሚያወጣው ፕሮፋይሉ ላይ ባለው ስም ነው። እሱ ስም የአጎትህ ልጅ ከሆነ የሸጥካቸው ሊዞች ላይ ፈቃድ ሰጪ እሱ ነው፣ ነገ ዲስፒዩት ስታደርግ ውሉን ብታያይዝ ያንተ ስም የለበትም። የብር መቀበያው የሱ ይሁን፣ ውሉ ላይ ያለው ስም ግን ያንተ ይሁን፣ ውሉን አውጥተህ አንብበው ዛሬ። ከአጎትህ ልጅ ጋርም ገንዘቡን እየተቀበለልህ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነ በአንድ ወረቀት ተፈራረሙ።

ጌላን_808

እሱ ጋ አይደለም ችግሩ፣ ወንድም ነው። ግን ውሉን አሁን አየሁት የሱ ስም ነው ያለው። አቤት። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ለመቀየር እየሞከርኩ ነው፣ የድሮዎቹስ?

ሰበታ_ሚክስሩም

የድሮዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ፣ እሱ እነዛን የሰጠው አንተን ወክሎ እንደሆነ ወረቀት ይጻፍልህ፣ የቢቶቹን ዝርዝር ከቀናቸው ጋር አድርጋችሁ።

ናቲ_ፍሎው

እኔ አሁንም ማስመዝገብ ይሻላል ባይ ነኝ። ማስረጃው ኮምፒውተርህ ውስጥ ብቻ ከሆነ መብራት ሄዶ መጥቶ ሃርድዲስኩ ቢቃጠልስ? ፋይሉ ላይ ያለው ቀንም ይቀየራል እኮ የኮምፒውተሩን ሰዓት ብትቀይር።

ሰበታ_ሚክስሩም

ናቲ እዚ ላይ ትክክል ነህ። የፋይል ቀን ብቻውን ደካማ ነው። ጠንካራው የፕሮጀክት ፋይሉና ስቴሙ ነው፣ የክራሩ ብቻውን፣ ቤዙ ብቻውን፣ የክራሩ ያልተቆረጠ ቀረጻ ከነስህተቱ፣ ምክንያቱም ሚክሱን ብቻ ያወረደ ሰው እነሱን ማምጣት አይችልም። ስለዚ ስቴም ያለበትን ላይሰንስ በርካሽ አትሽጡ፣ ከሸጣችሁም ያልተቆረጠውን ጥሬ ቀረጻ አታስገቡበት። አንድ ኮፒ ደመና ላይ፣ አንድ ፍላሽ ላይ፣ የሚያስመዘግብም ያስመዝግብ፣ አይጋጭም።

ቱሉዲምቱ_ቢትስ

አፕዴት። የዋሽንግተኑ ልጅ መለሰልኝ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ዘፈኑን እንዳያወርድበት ነበር የፈራው፣ ሲገባው ራሱ ጠይቆ ከኮንቴንት አይዲ አስወጣው፣ የኔ ቪዲዮ ላይ ያለው ክሌም ተነስቷል። የሀዋሳው ላይ ግን እስካሁን አለ፣ እሱ በራሱ ቻናል ዲስፒዩት አድርጓል፣ ላይሰንስ አለኝ የሚለውን መርጦ፣ እኔም እንደሸጥኩለት የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ። ሊዙን ተፈራርመናል፣ 2 አመት። የክራሩ ልጅም ፈርሟል፣ ከ400 ዶላሩ 60 ዶላር ሊደርሰው ተስማማን።

የናይሮቢው ውሉን ላከ፣ "ኦል ራይትስ" ይላል ጋሼ እንዳሉት። ላይሰንስ ከሆነ በ400፣ ሙሉ ከሆነ በ1,200 ብዬ መለስኩለት፣ ሁለቱን ሊዝ ዘርዝሬ። እስካሁን አልመለሰም።

ክራር_ልጅ_ቡራዩ

60 ዶላሩ በላይሰንሱ ዋጋ ነው፣ በ1,200 ከገዛስ ድርሻው ስንት ይሆናል? ያንንም ጻፉ።

ቱሉዲምቱ_ቢትስ

አልጻፍነውም። በመቶኛ ብናደርገው ይሻላል፣ ዛሬ ማታ ቤቱ እሄዳለሁ፣ 15 በመቶ ከየትኛውም ኤክስክሉሲቭ ሽያጭ ብለን እናስተካክለዋለን።